ካርቶኑ የጠፋ፣ ጫፉ የተቆረጠ ስትሪፕ

የኪኒን ስትሪፕ የሚሠራው ከሁለት ጥቅልሎች ነው። አንደኛው ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ በሙቀት ለስልሶ ፍሬዎቹ የሚቀመጡባቸው ጉድጓዶች ይወጡለታል። ሁለተኛው ከጀርባ የሚለጠፈው ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ነው፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሃምሳኛ ያህል ቢሆን ነው። ጉድጓዶቹ በፍሬ ከተሞሉ በኋላ ፎይሉ ከላያቸው ይዘረጋና በሙቀትና በግፊት ይታሸጋል። ከዚያ ማሽኑ እየቆረጠ ስትሪፕ ስትሪፕ አድርጎ ያወጣዋል፤ ስትሪፖቹ በካርቶን ተከተው፣ የአጠቃቀም መመሪያው ወረቀት ታክሎበት ወደ ገበያ ይሄዳሉ።

በዚህ ሂደት ፎይሉ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ በሁለት የተለያየ ጊዜ ያርፋል። የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬውን የሚገልጸው ቁጥርና የአምራቹ ስም ፎይሉ ገና ጥቅልል ሳለ በማተሚያ ቤት ይታተማሉ። ጥቅልሉ ረጅም ስለሆነ ጽሑፉ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ እየተደጋገመ ይሄዳል። ባች ቁጥሩና ቀኑ ግን ቀድመው ሊታተሙ አይችሉም፤ እያንዳንዱ የምርት ዙር የየራሱ ስላለው፣ ስትሪፑ በሚታሸግበት ሰዓት በብረት ማኅተም ተመትተው ወይም በቀለም ተረጭተው ይጻፋሉ። ይህ ደግሞ በአብዛኛው የሚሆነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ስትሪፑ ጫፍ ላይ ባለችው ጠባብ ጠርዝ ነው። ስሙ በጀርባው ሁሉ ተበትኖ ሳለ ቀኑ አንዲት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒት በፍሬ መሸጡ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ሰባት ፍሬ ከሆነና ስትሪፑ ዐሥር ከያዘ፣ ፋርማሲው በመቀስ ቆርጦ በትንሽ ፖስታ ያድላል። ካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ፖስታው ላይ የአወሳሰዱ ነገር፣ ቢበዛ ደግሞ የመድኃኒቱ ስም ይጻፍበታል። ፖስታው ሲቀደድ ወይም ሲጠፋ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ከወዴት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ቁራጭ ነው። ከዚያ ቁራጭ ሦስት ጥያቄዎች ይነሳሉ፦ ይህ ምንድን ነው? ጊዜው አልፎበታል ወይ? ከየት መጣ? ለመጀመሪያው የሚመልሰው የታተመው ጽሑፍ፣ ለሁለተኛው የተመታው ቀን፣ ለሦስተኛው ባች ቁጥሩ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ጥሩ ሆኖ የሚነበብ ቀን የመድኃኒቱን ማንነት አይናገርም፤ ጥርት ያለ ስምም መድኃኒቱ ዛሬ ይሠራ እንደሆነ አይናገርም።

ሥራው የሚጀመረው ፍሬውን ከጉድጓዱ ባለማውጣት ነው። ከወጣ በኋላ ከፎይሉ ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ነጭ፣ ክብና ትንሽ ኪኒን ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዓይነት አለው። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ግሊቤንክላሚድ 5 ሚሊግራም የስኳር መድኃኒት ነው። ብዙ አምራቾች ሁለቱንም ትንንሽ ነጭ ፍሬ አድርገው ይሠሯቸዋል፤ ሁለቱም ደግሞ ግፊትና ስኳር አብረው ባሉበት ቤት አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ። ግፊቷን ልታወርድ ብላ ግሊቤንክላሚድ የምትደግም አዛውንት ስኳሯ ከመጠን በላይ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። በመልክ መገመት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

የአገር ልዩነት እዚህ ላይ መጥቀስ ያሻል። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ የሚዋጥ ፍሬ የራሱ ኮድ እንዲቀረጽበት ይጠይቃል፤ ኮዱ ከቅርጹ፣ ከመጠኑና ከቀለሙ ጋር ሲደመር መድኃኒቱንና አምራቹን ይለያል። በዚያ አገር ፋርማሲው ከትልቅ ጠርሙስ ቆጥሮ በትንሽ ጠርሙስ ስለሚያድል ኮዱ ትልቅ ዋጋ አለው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የኪኒን መለያ ገጾችም የተሠሩት በአብዛኛው በዚያ አገር ለሚሸጡ መድኃኒቶች ነው። ከአዲስ አበባ የተላከን ፍሬ ሜሪላንድ ውስጥ ሆኖ በእነዚያ ገጾች የሚፈልግ ሰው ወይ ምንም አያገኝም፣ ወይም ደግሞ በአጋጣሚ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ መድኃኒት ይመጣለታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ኢትዮጵያ ገበያ ላይ ላለው መድኃኒት ዋናው የማንነት ወረቀት ፎይሉ ነው።

ፎይሉን ለማንበብ የተጨማደደውን በጣት ጀርባ ቀስ አድርጎ ማለስለስ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ መያዝ፣ ከተቻለም በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላት ይበቃል። በአልኮል ወይም በሳኒታይዘር መጥረግ ግን አይገባም፤ በቀለም የተረጨ ቀን በአልኮል ይለቃል፤ ብዙ ሰው የሚፈልገውን ጽሑፍ በገዛ እጁ የሚያጠፋው እንዲህ ነው።

አሁን አንድ ቁራጭ እንውሰድ። ዐሥር ፍሬ የሚይዝ፣ አምስት አምስት ሆኖ በሁለት ረድፍ የተደረደረ ስትሪፕ ነበር፤ ፋርማሲው መሐል ለመሐል በቁመቱ ቆርጦ አንዱን ረድፍ ብቻ ሰጥቷል። ከአምስቱ ጉድጓድ አንዱ ባዶ ነው፤ አራቱ ፍሬ አላቸው። ካርቶንም ፖስታም የለም። ጀርባው ላይ ከላይ ወደ ታች እንዲህ የሚል ይነበባል፦

```
DIPINE TABLETS BP 5 mg
ETS BP 5 mg    AMLODI
DIPINE TABLETS BP 5 mg
```

የላይኛው መስመር ብቻ ቢታይ ኖሮ የሚገኘው ጅራት ነው። በዚህ ጅራት የሚጨርሱ የመድኃኒት ስሞች ብዙ ናቸው፦ አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒን፣ ፌሎዲፒን። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ቢሆኑም አወሳሰዳቸውና መጠናቸው አንድ አይደለም። ቁጥሩም ቢሆን ጉዳዩን አይፈታውም፤ ፌሎዲፒን በ5 ሚሊግራም ይመረታልና፣ እሱ ደግሞ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ ስለሚሠራ ሳይሰበርና ሳይታኘክ መዋጥ አለበት። ነገር ግን ጽሑፉ ተደጋጋሚ ስለሆነ፣ በአንዱ መስመር መቀሱ የበላው በሌላው መስመር ተርፎ ይገኛል። ሁለተኛው መስመር ወደ ቀኝ የተንሸራተተ ነው፤ ሲጨርስ የሚቀጥለውን ድግግሞሽ መጀመሪያ ይዞ ይወጣል። ከላይኛው ጅራቱ፣ ከመሐለኛው ራሱ ሲወሰድ «አምሎዲፒን ታብሌት፣ 5 ሚሊግራም» የሚለው ሙሉ ስም ይወጣል።

መጋጠሙ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ተደራቢው ፊደል ነው። ራሱ «አምሎዲ» ላይ ያበቃል፣ ጅራቱ «ዲፒን» ብሎ ይጀምራል፤ «ዲ» የሚለው ክፍል በሁለቱም ላይ አለ። የጋራ ክፍል በሌለበት ሁለት ቁራጭ ጽሑፍ ማጋጠም ግምት እንጂ ንባብ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች አንድን መስመር ለንግድ ስሙ፣ ቀጣዩን ለሳይንሳዊ ስሙ፣ ሦስተኛውን ለአድራሻቸው ይሰጣሉ፤ እነዚህን አጋጥሞ አንድ ስም ማውጣት የማይኖር መድኃኒት መፍጠር ነው። በተለይ ሁለት መድኃኒት በአንድ ፍሬ ሲቀላቀል ጥንቃቄ ያሻል። አምሎዲፒን ከአቴኖሎል ጋር ተቀላቅሎ ይመረታል፤ መቀሱ ሁለተኛውን ስም ቆርጦ ከጣለው የተረፈው ቁራጭ አምሎዲፒን ብቻ ይመስላል። «እያንዳንዱ ታብሌት የያዘው» ብሎ የሚጀምረው ጥቃቅን ጽሑፍ ቁራጩ ላይ ካለ፣ ከትልቁ ስም ይልቅ እሱ ይታመናል።

በምሳሌው ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ ያሉት BP የሚሉት ሁለት ፊደላት ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያው «ቢፒ» ስለሚባል፣ ይህ ምልክት ያለበት ሁሉ የግፊት መድኃኒት የሚመስለው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ምልክቱ ግን መድኃኒቱ የተሠራበትን የጥራት ደረጃ መጽሐፍ፣ ማለትም የብሪታንያን ፋርማኮፒያ ነው የሚያመለክተው። ፓራሲታሞልም ላይ፣ አሞክሳሲሊንም ላይ ይገኛል። በቦታው USP ካለ የአሜሪካን፣ IP ካለ የሕንድን መጽሐፍ ያመለክታል፤ መድኃኒቱ የተመረተበትን አገር የግድ አይናገርም።

ከስሙ ወይም ከቁጥሩ አጠገብ የሚለጠፉ አጫጭር ፊደላት ግን ትርጉማቸው ከባድ ነው። SR፣ XR፣ MR ወይም CR ካለ ፍሬው መድኃኒቱን በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሜትፎርሚን 500 እና ሜትፎርሚን 500 SR ስማቸውና ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ተራው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲወሰድ፣ ሌላው በአብዛኛው በቀን አንዴ ከራት ጋር የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በስተቀኝ ያለው ቦታ ተቆርጦ ከሆነ፣ የሚታወቀው መድኃኒቱ ነው እንጂ ዓይነቱ አይደለም።

ማሸጊያውም ራሱ ጥቂት ይናገራል። ፊቱም ጀርባውም አሉሚኒየም ሆኖ ፍሬው ከውጭ የማይታይበት ስትሪፕ ብዙውን ጊዜ እርጥበት ለማይወዱ መድኃኒቶች የሚመረጥ ነው፤ ቀይ ወይም ቡናማ መሰል ፕላስቲክ ደግሞ ብርሃን ለሚጎዳቸው። ኒፌዲፒን ብርሃን ከሚጎዳቸው አንዱ ነው። በእኛ ቁራጭ ፕላስቲኩ ጥርት ያለ ነጭ መሆኑ «ኒፌዲፒን አይደለም» ለሚለው ንባብ ትንሽ ድጋፍ ይሰጣል። ከዚህ በላይ ግን አይታመንም፤ አምራቾች ለመልክም ለዋጋም ብለው የፕላስቲክ ቀለም ይመርጣሉና።

አሁን ወደ ጫፏ እንምጣ። በቁመት የተቆረጠ ስትሪፕ ማኅተሟን ለሁለት ይከፍላታል፤ በምሳሌው ቀኙ ግማሽ ተርፏል፦

```
017
9/2024
8/2026
```

በብረት የተመታ ጽሑፍ ቀለም ስለሌለው ፊት ለፊት ሲያዩት ይጠፋል። ስትሪፑን አጋድሞ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ማድረግ ጥላ ይፈጥራል፤ ቁጥሮቹም ይነሳሉ። ካልሆነ ስስ ወረቀት ደርቦ የእርሳስን ጎን ቀስ እያደረጉ ማሸት ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ያወጣዋል። ጽሑፉ ወደ ግራ የዞረ ከመሰለ የታየው ከተሳሳተው ወገን ነው፤ ገልብጦ ማየት ነው። 6 እና 9፣ 3 እና 8 በዚህ ዓይነቱ ምት ላይ በቀላሉ ይምታታሉ፤ በሁለት የተለያየ አቅጣጫ ሳይታዩ መታመን የለባቸውም።

ሙሉ ሆኖ ቢሆን ከላይኛው ፊት B.No. ወይም LOT፣ ከመካከለኛው ፊት MFG፣ ከታችኛው ፊት EXP ይኖር ነበር። የመጀመሪያው ባች ቁጥር፣ ሁለተኛው የተመረተበት፣ ሦስተኛው አገልግሎቱ የሚያበቃበት ነው። መቀሱ ስያሜዎቹን ቢበላም ሁለት ቀን መኖሩ ራሱ መልስ ነው፤ ቀዳሚው የተመረተበት፣ ተከታዩ የሚያበቃበት መሆን አለበት። በመካከላቸው ያለው ርቀትም ይመሰክራል፦ ከመስከረም እስከ ሁለተኛው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ በትክክል ሁለት ዓመት ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ለኪኒኖች የተለመደ ዕድሜ ነው፤ አንዳንዶቹ እስከ አምስት ዓመት ይሰጣቸዋል። አንድ ቀን ብቻ ያለ ስያሜ ተርፎ ከተገኘ ግን የተመረተበትም የሚያበቃበትም ሊሆን ስለሚችል፣ ቀኑ እንደማይታወቅ መቁጠር ይሻላል። ቱርክ ሠራሽ መድኃኒት ላይ የማብቂያው ቀን ፊት SKT የሚሉ ፊደላት ይታያሉ፤ ከኤክስፓየር ዴት ጋር አንድ ነው።

የግራ አኃዙን መቀሱ የበላው ወር ሊተርፍም ላይተርፍም ይችላል። 8 ከተረፈ ወሩ ስምንተኛው ብቻ ነው፤ ዐሥራ ስምንተኛ ወር የለምና። ከ3 እስከ 9 ያሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። 0 ከተረፈ ዐሥረኛው ወር ነው። አስቸጋሪዎቹ 1 እና 2 ናቸው፦ 1 ጥርም ኅዳርም፣ 2 የካቲትም ታኅሣሥም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲያጋጥም ቀዳሚው ወር ነው የሚያዘው። የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ከጠፋ ደግሞ ምንም ዘዴ የለም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ስትሪፑ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጆች ነው፤ ወሩም የፈረንጆች ስምንተኛ ወር፣ ማለትም ኦገስት እንጂ ስምንተኛው የእኛ ወር ሚያዝያ አይደለም። ቀን ሳይጠቀስ ወርና ዓመት ብቻ ከተጻፈ፣ መድኃኒቱ እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ያገለግላል። የምሳሌው ስትሪፕ እንግዲህ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.። ዓመቱን ለመቀየር ከጃንዋሪ እስከ አዲስ ዓመታችን ዋዜማ ስምንት፣ ከአዲስ ዓመት እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ይቀነሳል። 11/2026 ቢል ኖሮ የሚያበቃው ኅዳር 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆን ነበር።

ይህ ስሌት ሲዘነጋ ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። 2026ን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው የስምንት ዓመት ዕድሜ ለመድኃኒቱ በነጻ ይጨምርለታል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላው ነው፦ ከድሮ መሳቢያ የወጣ፣ EXP 08/2018 የሚል ስትሪፕ በ2018 ዓ.ም. ለሚያየው ሰው ገና የዘንድሮ ይመስለዋል። እውነታው መድኃኒቱ ካለፈበት ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያበቃው በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ነው።

ባች ቁጥሩ ከሦስቱ ሁሉ ብዙ የሚጠበቅበትና ብቻውን ጥቂት የሚናገረው ነው። አንድ ባች ማለት በአንድ ዙር፣ ከአንድ ቅይጥ የወጣ ምርት ማለት ነው፤ ቁጥሩን የሚያወጣው አምራቹ በራሱ ደንብ ነው። ሁለት ፋብሪካዎች ለሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ቢሰጡ የሚከለክላቸው የለም። ስለዚህ ባች ቁጥርን ብቻ ኢንተርኔት ላይ ጽፎ መድኃኒቱን ማግኘት አይቻልም፤ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከአምራቹ ስምና ከመድኃኒቱ ስም ጋር ሲሆን ነው። በፊደሎቹ ውስጥ ዓመት ወይም ፋብሪካ ተደብቋል ብሎ መፍታትም ትርፍ የለውም፤ የአንዱ ኩባንያ ልማድ ለሌላው አይሠራም።

ቁጥሩ ሥራ የሚሠራው መዝገብ ባለበት ቦታ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ በመጋዘኑ ቢን ካርድ ላይም ባች ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ይመዘገባል። የግል ፋርማሲም ከአስመጪው ወይም ከአከፋፋዩ የሚቀበለው ደረሰኝ ላይ ሁለቱ ይሰፍራሉ። ያ በምሳሌው የተረፈው 017 ለቤተሰቡ ምንም አይደለም። መድኃኒቱ የተገዛበት ፋርማሲ ቢወሰድ ግን ፋርማሲስቱ ጥያቄውን አጥብቦ ይፈልጋል፦ ያለኝ አምሎዲፒን 5፣ በ017 የሚያልቅ፣ በ08/2026 የሚያበቃ የትኛው ነው? አንድ ብቻ ከተገኘ ከመደርደሪያው ሙሉ ካርቶኑን አውርዶ ፎይሉን ከፎይሉ፣ ፍሬውን ከፍሬው ያስተያያል። የተቆረጠው ጠርዝ ከቀረው ግማሽ ጋር ከገጠመ ደግሞ ክርክሩ አበቃ። ስም፣ ቀንና ቁጥር ሦስቱም አንድ ቦታ ሲገናኙ ብቻ ነው ቁራጩ በእርግጥ ታውቋል የሚባለው።

ቤት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር በትንሹ ይሠራል። ካርቶኑ ያልጠፋ ሌላ ስትሪፕ በዚያው መሳቢያ ካለ፣ የባች ቁጥሩ፣ የጽሑፉ ዓይነትና የጉድጓዱ ቅርጽ አንድ መሆኑ ይታያል። ባቹ የተለያየ ከሆነ ግን የአንዱን ቀን ለሌላው ማዋስ አይቻልም። ይህ የሚጠቀሰው ብዙ ቤት የሚደረግ ስለሆነ ነው፦ ቀን የሌለውን ቁራጭ ቀን ካለው ካርቶን ውስጥ መክተት። ከዚያ በኋላ ቁራጩ የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ ይዞራል።

ባች ቁጥር የመድኃኒቱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል የሚል እምነትም አለ። ሐሰተኛ መድኃኒት የሚሠራ ሰው እውነተኛ ካርቶን ገዝቶ ቁጥሩን መገልበጥ አይሳነውም፤ ስለዚህ ትክክለኛ ቁጥር መገኘቱ ዋስትና አይሆንም። ሚስጥሩን የሚያወጣው ያልገጠመው ነው፦ አምራቹ ያንን ቁጥር አውጥቶ የማያውቅ ሲሆን፣ ወይም ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ቀኑ ሌላ ሲሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሐሰተኛ መድኃኒቶች በሚያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ባች ቁጥሩና ቀኖቹ ጎን ለጎን የሚጻፉት ለዚህ ነው። መድኃኒት ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲታዘዝም የሚጠራው በባች ነው፤ ጫፉ የተቆረጠበት ስትሪፕ የያዘ ሰው ጥሪው እሱን ይመለከት አይመለከት ማወቂያ የለውም። አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ መስመር ደውሎ የቁራጩን ፎቶ ይዞ መጠበቅ ይቻላል።

ሦስቱም ተነበው፣ ሁሉም ገጥሞ፣ ስትሪፑ ግን የማያገለግል ሊሆን ይችላል። የተጻፈው ቀን የሚሠራው ማሸጊያው እንደታሸገ፣ በተባለው ቦታና ሙቀት እስከቆየ ድረስ ነው። መቀሱ ወደ ጉድጓዱ ተጠግቶ ከቆረጠ ፎይሉ ከፕላስቲኩ የተጣበቀበትን ጠርዝ ይከፍተዋል፤ እርጥበት በዚያ ይገባል። የተቆረጠውን ጠርዝ በጥፍር ቀስ ብሎ ማንሳት ሲሞከር ፎይሉ ያለ ተቃውሞ ከተላቀቀ የዚያ ጉድጓድ ፍሬ አይታመንም። የተበሳሳ ፎይል፣ የተሰነጠቀ ወይም ነጠብጣብ ያወጣ ፍሬም እንዲሁ። አስፕሪን ሲበላሽ አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ አብዛኞቹ ሌሎች መድኃኒቶች ግን ሽታም ቀለምም ሳይቀይሩ ነው የሚደክሙት። ያልታወቀውም ያለፈበትም ቁራጭ ወደ ፋርማሲ ተመልሶ በዚያ ይወገዳል እንጂ ሽንት ቤት አይጣልም፣ ከቆሻሻ ጋርም አይቃጠልም።

የችግሩ ምንጭ መቀስ እንደመሆኑ መፍትሔውም እዚያው አጠገብ ነው። ጥንቁቅ ፋርማሲስት ቀኑ ካለበት ተቃራኒ ጫፍ ጀምሮ ይቆርጣል፤ በዚህ መንገድ መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ክፍል እስከ መጨረሻው ቀኑን ይዞ ይቆያል። ቀን የሌለውን ክፍል ለሚወስደው ደንበኛ ደግሞ ባቹንና ማብቂያውን ፖስታው ላይ ይጽፍለታል። ካልጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ካርቶኑና ስትሪፑ ገና ባንኮኒው ላይ ሳሉ በስልክ አንድ ፎቶ ማንሳትም ፋርማሲስቱን አያስከፋም።

ቁራጭ ፎይል ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያወጣበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ልጅ ከመሳቢያ ያገኘውን መድኃኒት ውጦ ሲገኝ። እዚህ ላይ ባዶው ጉድጓድ ከሙሉው እኩል ይነበባል። ወለል ላይ የወደቀውን የተቀደደ ፎይል ሁሉ፣ ስም ያለበትንም የሌለበትንም፣ ለቅሞ በአንድ ላስቲክ ከትቶ ከልጁ ጋር ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ከታተመው ስም መድኃኒቱን፣ ከቁጥሩ ጥንካሬውን፣ SR የሚል ካለ ደግሞ መርዙ ዘግይቶ ሊነሳ እንደሚችልና ልጁ ደህና ቢመስልም ለሰዓታት መቆየት እንዳለበት ይረዳል። ባዶ ጉድጓዶቹ ተቆጥረው፣ ቀድሞ የተወሰዱት ይታወቁ እንደሆነ ተቀንሰው፣ ልጁ ቢበዛ ስንት ፍሬ ውጦ ሊሆን እንደሚችል ይታወቃል። ቁጥሩ ካልታወቀ ሁሉም ባዶዎች እንደተዋጡ ይቆጠራል። ማብቂያ ቀኑ በዚህ ሰዓት ቦታ የለውም፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም ልጅን ይመርዛል።